«ኢንትሪ ሌቨል» ብሎ ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ምን ማለቱ ነው?

ሲልቨር_14ወር · ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ከገባሁ 14 ወሬ ነው። አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ወደ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዋናው ሥራዬ የአቅራቢዎችን ደረሰኝ እያመሳከሩ ክፍያ ማዘጋጀት ነበር። እዚህ ግን እስካሁን ሆም ኬር ነኝ። የምጠብቃቸው ሴትዮ ሲተኙ በስልኬ ማመልከቻ እሞላለሁ።

ዛሬ ያየሁትን ማስታወቂያ እንዳለ ልንገራችሁ። የሥራው መጠሪያ አካውንትስ ፔየብል ስፔሻሊስት ነው። ከሥሩ «ኢንትሪ ሌቨል» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ከ1 እስከ 2 ዓመት ልምድ ሪኳየርድ»። «ሪሞት ፈርስት ካምፓኒ ነን» ይልና «አመልካቹ ከዲሲ በመኪና ተመላልሶ መሥራት በሚቻልበት ርቀት መኖር አለበት» ይላል። ክፍያው በዓመት ከ48 ሺህ እስከ 56 ሺህ ዶላር። መጨረሻ ላይ «ኢኩዋል ኦፖርቹኒቲ ኢምፕሎየር፣ ዲስኤቢሊቲና ቬተራንን ጨምሮ»። ፎርሙ ደግሞ ዘሬን፣ የአካል ጉዳት እንዳለብኝና ወታደር እንደነበርኩ ይጠይቃል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ጀማሪ ነው ካሉ ልምዱ ለምን አስፈለጋቸው? ሪሞት ከሆነስ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ሁለት ወር ከአዲስ አበባ ሆኜ ብሠራ ይፈቅዱልኛል? የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርስ እንደኔ ላለ ሰው ይጠቅማል ወይስ ለይስሙላ ነው? እስካሁን 31 ቦታ አመልክቻለሁ፤ አንድም የደወለ የለም። አንዳንዱማ ልኬ ሻይ ሳይፈላ እምቢታው ይደርሰኛል።

ተስፍሽ_ዳላስ · ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ኢንትሪ ሌቨል ማለት ልምድ የማይጠይቅ ማለት ነው፤ አለቀ። ሁለት ዓመቱን የሚጽፉት ሰው ለማስፈራራት ነው፤ እለፊው። ኢኩዋል ኦፖርቹኒቲ ያለ ድርጅት ደግሞ ጥቁርና ሴት በኮታ መቅጠር ግዴታው ነው። ስለዚህ የዘሩን ጥያቄ እንዳትዘይው፤ የሚቆጠርልሽ እዚያ ላይ ነው።

ቀጣሪ_ነበርኩ · ማክሰኞ ጠዋት

በሠራተኛ ቅጥር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ተስፍሽ፣ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ሰው ያሳስታል። የኮታውን ነገር ቆይቼ እመጣበታለሁ፤ ከ«ኢንትሪ ሌቨል» ልጀምር።

አገር ቤት ማስታወቂያ ላይ «ዜሮ ዓመት» ሲባል እውነትም ዜሮ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የወጣ ልጅ ይገባበታል። እዚህ «ኢንትሪ ሌቨል» የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ የደመወዝ እርከኑን ነው። በድርጅቱ መሰላል ላይ የመጀመሪያው እርከን ነው፣ አለቃ አለብህ፣ ክፍያው ዝቅ ያለ ነው ማለታቸው ነው። በዚያው እርከን ልምድ ያለው ሰው ካገኙ ደግሞ ደስታቸው ነው። አንዳንዴም ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ሰው ከምርጫ ሳጥን ውስጥ አንዱን መንካት ስላለበት ብቻ ነክቶት ያልፋል። ሥራ አስኪያጁ የጻፈው ከሥር ያለውን ዝርዝር ነው። ሁለቱ ከተጋጩብሽ ዝርዝሩን እመኚ።

ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነገር እይ። አንደኛው «ሪኳየርድ» ከሚለው ሥር የተጻፈውና «ፕሪፈርድ» ከሚለው ሥር የተጻፈው ልዩነት ነው። ሪኳየርድ ውስጥ ያለውን የሚያጣራው ብዙ ጊዜ ስለ ሒሳብ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካላየው ይጥለዋል። ፕሪፈርድ ውስጥ ያለው ግማሹ ቢጎድልሽም አመልክቺ። ሁለተኛው ግሶቹ ናቸው። «አሲስት» እና «ሰፖርት» እያለ ከሄደ እውነትም ጀማሪ ነው የሚፈልጉት። «ኦውን»፣ «ሊድ»፣ «ማኔጅ» እያለ ከሄደ ግን የሦስት ሰው ሥራ በጀማሪ ደመወዝ ሊያሠሩ ነው።

ያንቺ ማስታወቂያ ደመወዙን መጻፉ ጥሩ ምልክት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2024 ወዲህ፣ በአውሮፓው ኦክቶበር 1 ጀምሮ፣ ሥራው በከፊል እንኳ በስቴቱ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የክፍያውን ጣሪያና ወለል ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ዲሲም ከጁን 30 ቀን 2024 ጀምሮ እንዲሁ። እዚህ አካባቢ ሆኖ «ኮምፔቲቲቭ ሳላሪ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ድርጅት ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ አውቆ ዘሎታል፤ ሁለቱም ስለ ቤቱ የሚነግርሽ ነገር አለ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሻይ ሳይፈላ የመጣው እምቢታ ሰው አይቶሽ የተጻፈ አይደለም፤ ማሽን ነው የጣለሽ። ማሽን የሚጥለው ደግሞ ፎርሙ ላይ አዎ ወይም አይ በምትይባቸው ጥያቄዎች ነው። ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሻል ወይ የሚለውን ምን ብለሽ መለስሽ?

ሲልቨር_14ወር · ማክሰኞ ከሰዓት

«አዎ» ነዋ! አክስቴ ናት ስፖንሰር የሆነችኝ። ወረቀቷን ኤምባሲ አስገብቼ ነው ቪዛ ያገኘሁት። ዋሽቼ ሊሆን ነው?

ቡና_ከጠዋት · ማክሰኞ ከሰዓት

ወይኔ እህቴ 😂 ይቅርታ፣ በአንቺ አይደለም የምስቀው፤ ባለቤቴም ልክ እንደዚህ ነው ያደረገው።

ቀጣሪ_ነበርኩ · ማክሰኞ ከሰዓት

አገኘነው። እኛ ስፖንሰር ስንል ዘመድ ነው፤ ወረቀት ፈርሞ፣ ቤት ሰጥቶ የሚቀበል። ፎርሙ ላይ ያለው ስፖንሰር ግን አሠሪው ራሱ ነው። ጥያቄው «እዚህ አገር እንድትሠራ እኛ እንደ ኤች ዋን ቢ ያለ የሥራ ቪዛ ልናወጣልህ ይገባል ወይ? ዛሬ ባይሆን ወደፊትስ?» ነው። ያ ለአሠሪው ጠበቃ፣ ክፍያና ጣጣ ስላለው ብዙዎቹ አዎ ያለውን በቀጥታ ያስወጣሉ። ማስወጣታቸውም በሕግ የተፈቀደ ነው።

አንቺ ግሪን ካርድ አለሽ። ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች ተከታትለው ሲመጡ፣ «አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ አለሽ ወይ» ለሚለው አዎ፣ «ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሻል ወይ» ለሚለው አይ። 31ዱ ውስጥ ስንቱ ላይ አዎ እንዳልሽ ተመልከቺ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዲሲ ዙሪያ ስለሆንሽ ማየትሽ አይቀርም። «ዩ ኤስ ሲቲዝን ብቻ» ወይም «ሲክሬት ክሊራንስ» የሚሉ አሉ። ክሊራንስ የሚጠይቅ ሥራ ዜግነት ስለሚፈልግ በእሱ ጊዜሽን አታጥፊ። የመንግሥት ውል ወይም ሕግ ሳያስገድዳቸው ግሪን ካርድ ያለውን ከልክለው ዜጋ ብቻ የሚሉ ግን ሕግ እየጣሱ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ይህንን የሚከታተል ክፍል አለ።

ሲልቨር_14ወር · ማክሰኞ ማታ

አሁን ቁጭ ብዬ አየሁ። ኢሜይል ያስቀረሁላቸው 19 ናቸው፤ በ19ኙም አዎ ብያለሁ። በሐቀኝነቴ ተጎዳሁ በሉኛ። አክስቴ ስትሰማ «እኔ ላይ አላከክሽው?» አለችኝ።

ቡና_ከጠዋት · ማክሰኞ ማታ

የኛን ደግሞ ስሚ። ባለቤቴ የሥራ ልምዱን ሲጽፍ ከአገር ቤት የመጣውን ደብዳቤ እንዳለ ገለበጠው፤ «ከ2009 እስከ 2014»። በእኛ አቆጣጠር እኮ ነው! እነሱ ሲያዩት ከ2014 ጀምሮ ይህን ሁሉ ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ነው። አንዷ ደውላ «ከዚያ ወዲህ ምን ስትሠራ ነበር?» ስትለው «መቼ ወዲህ?» አላት። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ያንቺም ደብዳቤ በእኛ ዘመን ከሆነ ወሩን አይተሽ ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ጨምሪበት።

ሲልቨር_14ወር · ማክሰኞ ማታ

ኧረ እሱንስ ቀይሬዋለሁ። ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2016 የነበረውን ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ጁን 2024 ብዬዋለሁ።

አራት_ኪሎ_ዴቭ · ረቡዕ ጠዋት

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ፕሮግራመር። «ሪሞት ፈርስት» የሚል ካየሁ ሁልጊዜ አመለክታለሁ፤ ሪሞት ማለት ከየትም ማለት ነው ብዬ። ከ50 በላይ ሞልቻለሁ። ይህቺ እህት ከአዲስ አበባ ሁለት ወር መሥራት ከቻለች እኔስ ዓመቱን ሙሉ ለምን አልችልም? መልሱ እንዴት ሆነ?

ቀጣሪ_ነበርኩ · ረቡዕ ከሰዓት

የጠየቅከው ከእሷ ጥያቄ ለየት ይላል፤ መነሻው ግን አንድ ነው።

«ሪሞት ፈርስት» የሚነግርህ ድርጅቱ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ስብሰባው በኦንላይን ነው፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይቀመጣል፣ ቢሮ የሚገባው ሰው ከቤት ከሚሠራው የተለየ ወሬ አይሰማም። «ሪሞት ፍሬንድሊ» ያለው ደግሞ ቢሮው ዋና ሆኖ ከቤት መሥራትን የሚፈቅድ ነው፤ እዚያ ዕድገቱ አለቃው ለሚያየው ሰው ያደላል። ሠራተኛው የት አገር፣ የት ስቴት መኖር እንዳለበት ግን ሁለቱም ቃላት አይነግሩህም። ያንን የሚነግርህ «ሎኬሽን» የሚለው መስመር ነው፤ ብዙ ሰው አያነበውም።

ለምን ቢባል፣ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ደመወዝተኛ ሲቀጥር ሠራተኛው በሚኖርበት ስቴት ለግብርና ለሥራ አጥ መድን መመዝገብ አለበት። ኦሃዮ የተመዘገበ ሠራተኛ ከሌለው ለአንድ ሰው ብሎ ኦሃዮ መመዝገብ ላይፈልግ ይችላል። ለዚህ ነው «ሪሞት» ተብሎ ከሥሩ የስቴቶች ዝርዝር የሚደረደረው። ኮሎራዶ በ2021 ደመወዝ መጻፍን ስታስገድድ አንዳንድ ድርጅቶች «ሪሞት፣ ከኮሎራዶ በስተቀር» ብለው መለጠፋቸውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ እንዲህ ከሆነ ኢትዮጵያ ላይ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አስበው።

ስለዚህ አራት ኪሎ፣ «ሪሞት ፈርስት» የሚለውን ትተህ «ወርልድዋይድ»፣ «ኢኒዌር» ወይም «ኮንትራክተር» የሚለውን ፈልግ። ሌላው ምልክት የሰዓት ክልል ነው። «ከኒው ዮርክ ሰዓት ጋር አራት ሰዓት መገናኘት» የሚል ካየህ ሌላ አገር ያለ ሰው አስበዋል ማለት ነው። «ኦተራይዝድ ቱ ወርክ ኢን ዘ ዩ ኤስ» የሚል ካለ ግን እለፈው፤ 50ው ውስጥ ብዙው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አራት_ኪሎ_ዴቭ · ረቡዕ ከሰዓት

አሁን ገና ገባኝ። ግን ሙሉ የኒው ዮርክ ሰዓት ካሉኝም እሠራለሁ።

ቀጣሪ_ነበርኩ · ረቡዕ ከሰዓት

ሰዓቱን አስላው እንጂ። በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ትቀድማቸዋለህ፤ ከጠዋቱ ዘጠኝ እስከ አምስት ብለው የሚጽፉት ላንተ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በበጋቸው ሰዓት ሲያስተካክሉ በአንድ ሰዓት ይቀርብልሃል።

ሜሪ_አሌክሳንድሪያ · ረቡዕ ማታ

ጥያቄሽ እኔን የሚመለከት ስለሆነ ነው የገባሁት፤ አራት ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሪሞት። ከአዲስ አበባ ሁለት ወር ስላልሽው፣ ሳትጠይቂ እንዳታደርጊው። የኛ ቢሮ ልጅ ለለቅሶ ሄዶ ቦሌ ዘመዱ ቤት ላፕቶፑን ከፍቶ ገባ። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ ተቆለፈበት። የአይቲው ክፍል ከውጭ አገር የመጣ ሙከራ ብሎ ነው የዘጋው። እሱ አልተባረረም፣ ግን ሲመለስ ጽፎ አስረዳ፤ የቀረበትም ሳምንት ከዕረፍቱ ተቆረጠ። የሒሳብ ሥራ ደግሞ የባንክ ቁጥርና የክፍያ መረጃ ስለሚነካ ከሌላው ክፍል ይበልጥ ይጠነቀቃሉ።

መጠየቂያ ጊዜው መጀመሪያው ስልክ ላይ አይደለም። ቅጥሩ ሊፈጸም ሲል፣ ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት፣ «ከሌላ ቦታ ሆኖ ስለመሥራት ፖሊሲያችሁ ምን ይላል?» በይ። አገር ቤት የሚለውን አንሥተሽ አትጀምሪ።

ሌላው፣ ልምድሽን እንዴት ጻፍሽው? «ደረሰኝ አመሳክራለሁ» ያልሽውን እዚህ ስሪ ዌይ ማች ይሉታል። የግዢ ትዕዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያውና የአቅራቢው ኢንቮይስ ሦስቱ ሲገጥሙ ብቻ መክፈል ነው። መራጩ ያንን ስም በእንግሊዝኛ ካላየ ልምድሽን አይቆጥርልሽም። በቀን ስንት ኢንቮይስ ታስኬጂ እንደነበርም ጻፊ። ፒችትሪ ላይ ነበር የምትሠሩት?

ሲልቨር_14ወር · ረቡዕ ማታ

አዎ ፒችትሪ። በቀን ከ30 እስከ 40፤ ሰኔ ላይ ሒሳብ ሲዘጋማ ቁጥር የለውም። ስሪ ዌይ ማች የሚለውን አልጻፍኩም፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አለ፣ አሁን ተመልሼ አየሁት። ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሜሪ_አሌክሳንድሪያ · ረቡዕ ማታ

ፒችትሪ እዚህ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ሆኗል። ሁለቱንም ስም ጻፊ፤ ወጣቶቹ ፒችትሪን አያውቁትም።

ተስፍሽ_ዳላስ · ረቡዕ ማታ

ቀጣሪ፣ የኮታውን እመጣበታለሁ ብለህ ጠፋህ 😄 ደግሞስ ትራምፕ ኢኩዋል ኦፖርቹኒቲን ሰርዞት የለ እንዴ? ከዚያ ወዲህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ማበላሸት ናት።

ቀጣሪ_ነበርኩ · ሐሙስ ጠዋት

አልጠፋሁም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል።

አድልዎ የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለውን አሠሪ ሁሉ ይይዛል፤ ማስታወቂያው ላይ ጻፈው አልጻፈው። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ፣ በትውልድ አገር አትለይ ይላል። ኮታ የሚል የለበትም፤ እንዲያውም ዘር አይቶ መቅጠር በዚያው ሕግ ያስከስሳል። ይህ ሕግ አልተሰረዘም።

የተሰረዘው ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ያወጡት ትዕዛዝ ቁጥር 11246 ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸውን ድርጅቶች ማስታወቂያቸው ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ያስገድድ ነበር። ሁሉም ለምዶት የቀረው ከዚያ ነው። እሱን ነው ትራምፕ በጃንዋሪ 21 ቀን 2025 የሻረው። የአካል ጉዳተኞችና የቬተራኖቹ ጉዳይ ግን በ1973 እና በ1974 በወጡ ሕጎች ላይ የቆመ ስለሆነ ለብቻው ነው። እህታችን ያየችው «ዲስኤቢሊቲና ቬተራንን ጨምሮ» የሚለው አባባል ከዚያ የመጣ ነው። ከዚህ የምትረዱት ድርጅቱ የመንግሥት ኮንትራክተር ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለ ደግነቱ ወይም ስለ ክፋቱ የሚነግራችሁ የለም።

የዘር ጥያቄው ደግሞ፣ 100 ሠራተኛና በላይ ያለው የግል ድርጅት ሠራተኞቹን በዘርና በፆታ ቆጥሮ በየዓመቱ ለመንግሥት ሪፖርት ስለሚያደርግ ነው። መልሱ ከማመልከቻሽ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች መራጩ አያየውም ነበር። ብትሞዪው አይጠቅምሽም፣ ብትተዪው አይጎዳሽም። «መመለስ አልፈልግም» የሚል ሳጥን አለ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ሥራ ላይ የምትውለው ነገር ሲበላሽ ነው። ለምሳሌ ቃለ መጠይቅ ላይ «አነጋገርሽ ያስቸግራል» ብለው ቢመልሱሽ፣ አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ካልሆነ ምክንያት አይሆናቸውም። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፣ ኢኢኦሲ የሚሉት፣ አቤቱታ የሚቀበለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የራሱ ተቀባይ መሥሪያ ቤት ባለው ስቴት 300 ይደርሳል። ሜሪላንድ ያ አላት።

ተስፍሽ_ዳላስ · ሐሙስ ጠዋት

እሺ፣ ኮታውን ተረታሁ። ግን አንተ የሠራህበት ቤት መራጩ አያይም ማለት የትም አያይም ማለት አይደለም። ስሜን ሲያዩስ? ስሜ ላይ መቼም «መመለስ አልፈልግም» የሚል ሳጥን የለም።

ቀጣሪ_ነበርኩ · ሐሙስ ጠዋት

እሱ ላይ አልከራከርህም።

ያልተዘጋ_ኬዝ · ሐሙስ ከሰዓት

ስለ ስፖንሰሩ ጥያቄ የኔን ልጠይቅ። አሳይለም ጠይቄ ገና ቃለ መጠይቅ እየጠበቅሁ ነው፤ የሥራ ፈቃድ ካርድ አለኝ። ለመሥራት ፈቃድ አለኝ የሚለው አዎ ነው። «ወደፊት» የሚለው ላይ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ኬዙ ቢወድቅስ?

ሜሪ_አሌክሳንድሪያ · ሐሙስ ከሰዓት

አይ በል። አሠሪው የሚያወጣልህ ቪዛ የለም፤ ፈቃዱን የምታድሰው ራስህ ነህ።

ቀጣሪ_ነበርኩ · ሐሙስ ማታ

እንዳንተ ያለው ብዙው ሰው አይ ነው የሚለው፤ ምክንያቱም ሜሪ ያለችው ነው። ያም ሆኖ የጥያቄው አጻጻፍ ከፎርም ፎርም ይለያያል። «ኤች ዋን ቢን የመሰለ የአሠሪ ቪዛ» የሚለውን አይ ብለህ መመለስ ይቀላል። «ማንኛውም የኢሚግሬሽን ድጋፍ» ብሎ የተጻፈ ካጋጠመህ ግን ፎርሙን እንዳለ ለጠበቃህ አሳየው። እዚህ ያለን ሰዎች በፊርማህ ላይ ባንገባ ይሻላል። ደግሞም እወቅ፤ ግሪን ካርድ ያለውን ወይም አሳይለሙ የጸደቀለትን ከዜጋ እንዳይለዩ የሚከለክለው ሕግ ኬዙ በሂደት ላይ ላለ ሰው ያንኑ ያህል ሽፋን አይሰጥም።

ያልተዘጋ_ኬዝ · ሐሙስ ማታ

ጠበቃዬ ስልክ ከማንሣት ቪዛ መስጠት ይቀለዋል 😅 እሺ፣ ኢሜይል አደርግለታለሁ።

ቡና_ከጠዋት · ዓርብ ጠዋት

ኢንትሪ ሌቨልና ሪሞት አንድ ላይ ካያችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የእህቴ ልጅ «ዳታ ኢንትሪ፣ ሙሉ በሙሉ ሪሞት፣ ልምድ አያስፈልግም፣ በሰዓት 38 ዶላር» የሚል አገኘች። ቃለ መጠይቁ በቴሌግራም በጽሑፍ ብቻ ነበር፤ በዚያው ቀን «ተቀጥረሻል» አሏት። ለላፕቶፕ መግዣ ብለው ቼክ ላኩላት፤ ባንክ አስገባች፣ ገንዘቡ ሒሳቧ ላይ ታየ። «ከሱ ላይ ለኛ ሻጭ 1,900 ላኪለት» አሏት፣ ላከች። ከሳምንት በኋላ ቼኩ ፎርጅድ ሆኖ ባንኩ የሰጣትን መልሶ ወሰደ፤ የላከችው ግን ሄደ። ባንኩ ገንዘቡን ቀድሞ ማሳየቱ ቼኩ አለፈ ማለት እንዳልሆነ ማን ነግሯት!

ሲልቨር_14ወር · ከዘጠኝ ቀን በኋላ

እናንተ! ደወሉ። ስፖንሰሩን አስተካክዬ፣ ስሪ ዌይ ማችን ጽፌ፣ ሴጅ 50 ብዬ በላክሁ በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ደወለች። ሴትዮዬን ምሳ እያበላሁ ነበር፤ ማንኪያውን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍላችሁ። ኢንትሪ ሌቨል ያሉት ቀጣሪ እንዳለው የደመወዙ እርከን ነው፤ «ሌቨል ዋን» አለችኝ። ሁለቱ ዓመት ግን የምር ነው፣ ምክንያቱም የሚያሠለጥን ሰው የላቸውም። የኢትዮጵያው ይቆጠራል ወይ ስላት «ኢንቮይስ ኢንቮይስ ነው» ብላ ሳቀች። ሪሞት ፈርስቱ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ሮክቪል ቢሮ፣ ከዚያ በየወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለት ቀን ነው። ለካ የመኪናው ርቀት ለዚህ ኖሯል። አገር ቤት የሚለውን እንደመከራችሁኝ አላነሣሁም።

ስንት ትፈልጊያለሽ ስትለኝ ግን ደነገጥኩ። አሁን ስንት እንደሚከፈለኝ ልነግራት ነበር።

ቀጣሪ_ነበርኩ · በዚያው ቀን

እንኳን አልነገርሻት። ሜሪላንድ ውስጥ የቀድሞ ደመወዝሽን መጠየቅ አይችሉም፤ የምትፈልጊውን ግን መጠየቅ ይችላሉ። አምስት ዓመት ለሠራ ሰው ከወለሉ መጀመር የለብሽም። ምን አልሽ?

ሲልቨር_14ወር · በዚያው ቀን

53 አልኳት። «ደህና፣ ክልሉ ውስጥ ነው» ብላ ጻፈችው። ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሐሙስ ከአለቃዋ ጋር ነው፤ ኤክሴል ላይ ፈተና አለው አለች።

አሁን ሌላ ችግር። በስህተት አዎ ካልኩባቸው 19 ውስጥ ሦስቱ አሁንም ክፍት ናቸው። አንዱ ላይ እንደገና ልሞላ ስል «ቀደም ሲል አመልክተሻል» ብሎ ዘጋብኝ። በሌላ ኢሜይል ልግባ እንዴ?

ቀጣሪ_ነበርኩ · በዚያው ቀን

በሌላ ኢሜይል አትግቢ፤ ስምሽና ስልክሽ አንድ ስለሆነ ሁለቱን ያገናኘዋል፣ የተደበቅሽ ያስመስልብሻል። ማስታወቂያው ሥር የሪክሩተሩ ስም ካለ በአጭሩ ጻፊለት፤ «የስፖንሰርሺፑን ጥያቄ በስህተት ነው የመለስኩት፣ ቋሚ ነዋሪ ነኝ፣ እባክህ አስተካክልልኝ»። ሁለት መስመር ይበቃል። አክስትሽን አታንሺያት።